ባዶውን የሚጋገር የታርት ቅርፊት፦ ለምን ይኮማተራል? ከክሬም በታችስ ለምን ይላሽቃል?

(ደሴ ላይ ለኬክ ቤት ጋጋሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ስለ ታርት ብዙ ማውራት ይቻላል፤ ዛሬ ግን የምንቆየው ክሬም በሚሞላበት ባዶ ቅርፊት ላይ ብቻ ነው። ከየኬክ ቤቱ የሚሰማው ቅሬታ ሁለት ነው። አንዱ «ሊጡን እስከ ፎርማው አፍ አድርሼ ነበር፣ ሲወጣ ግን ግማሽ ጣት ወርዷል» ይላል። ሌላው «ጠዋት የሞላሁት ከሰዓት በኋላ እንደ እርጥብ ዳቦ ሆነብኝ» ይላል። በሁለቱም ጊዜ የሚወቀሰው ኦቨኑ ነው፤ ኦቨኑ ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አላጠፋም። የመጀመሪያው ጥፋት የሚሠራው ሊጡ ገበታ ላይ ሳለ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ቅርፊቱ «በቃ በስሏል» ተብሎ ቶሎ ሲወጣ።

ሁሉንም በአንድ ታርት እንያዘው። ፎርማው ወርዱ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 2.5፣ ታቹ የሚወጣ ዓይነት ነው። መሙያው የተቀቀለ የወተት ክሬም ሲሆን፣ ላዩ ላይ ከመርሳ በኩል የሚመጣው ማንጎ ይደረደራል። የታዘዘው ለኢፍጧር ነው፤ ምሽት 12 ሰዓት አልፎ ሲቆረጥ ታቹ ጥርስ ላይ ኩርሽም ማለት አለበት።

ለሊጡ 220 ግራም ነጭ የፉርኖ ዱቄት፣ 30 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ 125 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 85 ግራም የተነፋ ፓውደር ስኳር፣ አንድ እንቁላልና አንድ ቁንጥር ጨው ይበቃል። ስታርቹ ያለ ምክንያት አልገባም። ገበያ ላይ የምናገኘው ዱቄት በአብዛኛው ለዳቦ የታሰበ ነው። የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲነካውና ሲታሽ ግሉተን የሚባል፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ መረብ ይሠራል። ድፎ ዳቦን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው። ታርት ውስጥ ግን ያው ላስቲክ የተዘረጋውን ሊጥ ወደ መሃል ይጎትተዋል። ከዱቄቱ ጥቂት ቀንሰን በስታርች ስንተካ የላስቲኩ ጉልበት ይደክማል።

ቅቤው ከዱቄቱ ጋር የሚገናኝበት ቅደም ተከተልም ለዚሁ ነው። መጀመሪያ ዱቄቱ፣ ስታርቹ፣ ስኳሩና ጨው ተቀላቅለው ቅቤው በጣት ጫፍ ይታሽባቸዋል፤ በቅቤ የተለወሰ በሶ ከመያያዙ በፊት እንደሚሆነው፣ ጭብጥ ሲያደርጉት የሚይዝ፣ ሲነኩት የሚፈርስ እስኪሆን ድረስ። በዚህ ጊዜ ስቡ እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት ይለብጠዋል፤ ኋላ የሚመጣው የእንቁላል እርጥበት ዱቄቱን እንደልቡ አያገኘውም። እንቁላሉ ከገባ በኋላ ሥራው አጭር ነው፦ ሊጡ እንደተያያዘ ማቆም። እንደ ዳቦ ሊጥ እስኪለሰልስ ማሸት እዚህ ላይ ንጹሕ ጉዳት ነው።

ስለ ቅቤው አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። የገጠር ለጋ ቅቤ ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ግን የያዘው ውሃ ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ይለያያል። ዛሬ ያማረው ሊጥ ነገ ያለ ምክንያት የሚያጥረው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው። ንጥር ቅቤ ደግሞ ውሃው የወጣለት ስለሆነ ሊጡን አሸዋ ያደርገዋል፤ ኮሰረት የገባበት ከሆነማ ክሬም አጠገብ አይቀርብም። መጠኑን አንድ ጊዜ አስተካክሎ ሁልጊዜ ለመድገም የገበታ ቅቤ ይሻላል።

ሊጡ ሁለት ጣት ውፍረት ባለው ጠፍጣፋ ክብ ተደርጎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። ሰው ይህን ዕረፍት «ቅቤው እንዲጠነክር» ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ደሴ ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ ወጥ ቤቱ ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ቅቤው በግማሽ ሰዓት ይጠነክራል፤ «በቃው» ተብሎም ይወጣል። ግሉተኑ ግን ገና አልተፈታም፤ ለሱ የሚያስፈልገው ቅዝቃዜ ሳይሆን ጊዜ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። እዚያ ዕረፍቱን ብትጨርሱም ሙቀቱ ሊጡን እየዳመጣችሁ ሳለ ያቀልጥባችኋል፤ ስለዚህ በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሃል ዳምጡት፤ ከለሰለሰ ከነወረቀቱ አሥር ደቂቃ ፍሪጅ መልሱት።

ሲዳመጥ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 31 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። አሁን ወደ ዋናው ቦታ ደረስን። ሊጡ በመዳመጫ ተጠቅልሎ ፎርማው ላይ ሲዘረጋ መሃሉ ታች ይነካል፣ ማዕዘኑ ላይ ግን በአየር ላይ ይንጠለጠላል። ብዙ እጅ እዚህ ላይ የሚያደርገው በአውራ ጣት ወደ ማዕዘኑ መግፋት ነው። ስትገፉት ሊጡ ይሳሳል፤ ተለጥጦ ማዕዘኑን ይሞላል፣ ለዓይንም ያምራል። ያ የተለጠጠ ሊጥ ኦቨን ገብቶ ሲሞቅ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ከጠርዙ የጎደለው ግማሽ ጣት የሄደው ወደዚያ ነው። ትክክለኛው አሠራር የተንጠለጠለውን ጠርዝ በአንድ እጅ ወደ ላይ አንስቶ ወደ ውስጥ ማላላት ነው። ሊጡ በራሱ ክብደት ማዕዘኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሌላው እጅ ጣት ታቹን ቀጥ ያለ ማዕዘን እስኪሠራ ድረስ መንካት ብቻ ይበቃል። ፎርማውን እያዞሩ እንዲህ መዞር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሊጡ ከተቀደደ ከትርፉ ቆርሶ መለጠፍ ይቻላል፤ ቅዳድ ይታረማል፣ የተለጠጠ ሊጥ ግን አይታረምም።

ጠርዙ በቢላዋ ከፎርማው አፍ ጋር እኩል ከመቆረጡ በፊት እንደገና ይረፍ። ይህ ሁለተኛው ዕረፍት አንድ ሰዓት ፍሪጅ፣ ወይም ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ነው። ከሁለቱ ዕረፍቶች አንዱን ተው ብባል የመጀመሪያውን አሳጥር ነበር እንጂ ይህን አልነካም፤ ምክንያቱም ሊጡ በመዳመጥና ፎርማው ውስጥ በመዘርጋት የተቀበለውን ጉተታ የሚያራግፈው አሁን ነው። ካረፈ በኋላ ይቆረጣል፤ ታቹም በሹካ በየሁለት ሳንቲ ሜትሩ ይወጋል።

ወደ ጭነቱ፣ ማለትም ባዶው ሊጥ ሲጋገር በወረቀት ላይ ወደሚሞላበት ደረቅ እህል እንምጣ። ጭነት መኮማተርን ይከላከላል የሚለው እምነት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የተለጠጠ ሊጥ ላይ የፈለጋችሁትን ብትጭኑ ያጥራል። ጭነቱ ሥራው ሁለት ነው፦ ታቹ በእንፋሎት እንዳይነፋ መያዝ፣ ግድግዳው ደግሞ ቅቤው ከቀለጠ በኋላ፣ ዱቄቱና እንቁላሉ ጠንክረው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ፣ ወደ ታች እንዳይንሸራተት መደገፍ። ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ግን እስከ ጠርዙ አፍ ከተሞላ ብቻ ነው። ታቹን ሸፍኖ አንድ እፍኝ ሽምብራ የሚበትን ሰው ግድግዳውን ያለ ምሰሶ ትቶታል። ለዚህ ፎርማ 850 ግራም ያህል ምስር ያስፈልጋል።

ለጭነት ከሽምብራና ከባቄላ ይልቅ ምስርን የምመርጠው ስለ ማዕዘኑ ነው። ትልልቁ ፍሬ ማዕዘኑ ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ሊጡም እዚያ ያብጣል። ስኳር ከምስርም ይበልጥ ማዕዘኑን ይሞላል፣ ሙቀትም እኩል ያደርሳል፤ ከወረቀት ግን ሾልኮ ሊጡ ላይ ስለሚጣበቅ በፎይል ነው የሚሆነው። ከተጋገረ በኋላ ቀለሙ ትንሽ ይቀየራል እንጂ ለኬክ ይሆናል። ጠጠር ከወንዝ ለቅሞ መጠቀም ግን ይቅር፤ ውስጡ ውሃ የቋጠረ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ምስሩ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከነቀዝ ይለቀም፣ ለብቻውም 20 ደቂቃ ኦቨን ውስጥ ይድረቅ፤ ያልደረቀ እህል የራሱን እንፋሎት ታርቱ ላይ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ለወራት ያገለግላል። ተቀቅሎ የሚበላ ግን አይሆንም፤ ጣሳው ላይ «ለወጥ አይሆንም» ብላችሁ ጻፉበት፣ አለበለዚያ አንድ ቀን ድስት ውስጥ ታገኙታላችሁ።

በሊጡና በምስሩ መሃል የሚገባው ወረቀት መጀመሪያ በእጅ ተጨማድዶ ይዘርጋ። ቀጥ ያለ ወረቀት ማዕዘኑን አይከተልም፤ እጥፋቱም ሊጡን ይቆርጠዋል። የተጨማደደው እንደ ጨርቅ ይቀመጣል።

ኦቨኑ 175 ዲግሪ ላይ በደንብ ይጋል፤ ትሪውም አብሮ ውስጥ ይጋል። ፎርማው ከፍሪጅ ወጥቶ በቀጥታ በጋለው ትሪ ላይ፣ በታችኛው መደርደሪያ ይቀመጣል። ታቹ ከሥር ሙቀት ካላገኘ ከምስሩ ሥር ጥሬ ሆኖ ይቆያል። ከ25 ደቂቃ በኋላ የወረቀቱን አንድ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ወረቀቱ ሊጡን ይዞ ከተነሳ ገና ነው፤ መልሱት፣ አምስት ደቂቃ ጨምሩ። ሳይጣበቅ ከለቀቀ፣ የግድግዳው አፍ ወርቅማ ከሆነ፣ ታቹም የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ፈዘዝ ያለ ነጭ ከሆነ ምስሩ ይውጣ። ወረቀቱን በአራቱ ጫፍ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ማንሳት ነው፤ የሚፈሰው አንድ ፍሬ ምስር የደንበኛ ጥርስ ይሰብራል። በመጋገሩ መሃል መብራት ቢጠፋ የኦቨኑን በር አትክፈቱ፣ ምስሩንም አታውጡ፤ የታቹ ሊጥ እስኪጠነክር ድረስ ምሰሶው ካልተነካ ቅርጹ ሊተርፍ ይችላል።

ምስሩ ሲወጣ ቅርፊቱ የበሰለ ይመስላል፤ የብዙው ሰው ሥራም እዚህ ያበቃል። ከሰዓት በኋላ የሚላሽቀው ታርት ይህ ነው። ታቹ ነጭ እስከሆነ ድረስ ውስጡ ገና ውሃ አለው፤ ውሃ ያለው ቅርፊት ክሬም ሳይነካውም ለስላሳ ነው። ባዶው ቅርፊት ሌላ 12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋገር፤ መሃሉ፣ በተለይ መሃሉ፣ በደንብ የተጋገረ የድፎ ቅርፊት ቀለም እስኪይዝ። ጠርዙ ቀድሞ ከጠቆረ በፎይል ክብ ሸፍኑት እንጂ በጠርዙ ምክንያት ታቹን ጥሬ አታውጡት። ቀዝቅዞ ከፎርማው ሲወጣ ሥሩን በጥፍር አንኳኩት፤ ድምፁ ደረቅ «ቋ ቋ» ካለ ተጋግሯል፣ ከደነዘ አልተጋገረም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፤ ቅርፊታችሁ አሁንም አጥሮ ከወጣ ምክንያቱን ራሱ ይነግራችኋል። ጠርዙ ዙሪያውን ወርዶ፣ በፎርማውና በግድግዳው መሃል ክፍተት ካለ፣ ግድግዳውም ከታች እስከ ላይ እኩል ውፍረት ከያዘ፣ የጎተተው ግሉተን ነው፦ ብዙ ታሽቷል፣ ወይም ተለጥጧል፣ ወይም አላረፈም። ግድግዳው ግን ላይ ሳስቶ፣ ታች ማዕዘኑ ላይ እንደ ወረደ ካልሲ ተጣጥፎ ከተከመረ፣ ያ መንሸራተት ነው፦ ሊጡ ሞቅ ብሎ ገብቷል፣ ኦቨኑ አልጋለም፣ ወይም ምስሩ ጎድሏል። የመጀመሪያውን በምስር፣ ሁለተኛውን በዕረፍት ለማከም የሚሞክር ሰው ብዙ ቅቤ ይከስራል።

ቅርፊቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ ከመውጣቱ አራት ደቂቃ በፊት፣ የአንድ እንቁላል አስኳል ከማንኪያ ወተት ጋር ተመትቶ ውስጡ በብሩሽ ይቀባል። የሹካውን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ ትንሽም ይከላከላል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ እንቁላል ውሃን ያዘገያል እንጂ አይመልስም። ውሃን የሚመልሰው ስብ ነው። ቅርፊቱ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ 35 ግራም የቀለጠ ነጭ ቸኮሌት ታቹንና ግድግዳውን እስከ አፉ በስሱ ቀቡት። ማዕዘኑን ሳትቀቡ አትለፉ፤ ክሬሙ መጀመሪያ የሚገባው ባልተቀባው ክር በሚያህል ቦታ ነው። ማርማላታ በዚህ ቦታ የሚቀቡ አሉ፤ ጣዕሙን አልቃወምም፣ ነገር ግን ማርማላታ ራሱ ውሃ ስለያዘ ጋሻ አይሆንም። መቀባት ከፈለጋችሁ ከቸኮሌቱ በላይ ይሁን።

ክሬሙ 500 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 4 አስኳል፣ 100 ግራም ስኳር፣ 45 ግራም የበቆሎ ስታርችና በመጨረሻ 30 ግራም ቅቤ ነው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ የማነሳው ከፍታችንን ብቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አስኳል ውስጥ ደግሞ ስታርችን የሚበላ ንጥረ ነገር አለ፤ በሙቀት ካልተገደለ የወፈረው ክሬም በማግስቱ ቀጥኖ ውሃ ይለቃል። የሚለቀውም ወደ ታርቱ ታች ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አረፋ «ቡፍ» ሲል ከእሳት አታውርዱት፤ እያማሰላችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ በሰፊ ትሪ ተዘርግቶ፣ ላዩን የሚነካ ላስቲክ ለብሶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ሞቅ ያለ ክሬም ቸኮሌቱን ያቀልጠዋል፤ እንፋሎቱም ቅርፊቱን ከውስጥ ይቀቅለዋል።

ስንት ሰዓት ይቆያል ለሚለው፣ ቅርፊት ከክሬም አጠገብ እስካለ ድረስ ውሃው ወደ ደረቁ መሄዱን አያቆምም፤ እኛ የምናደርገው ማዘግየት ነው። ለኢፍጧሩ ታርት ሊጡ በዋዜማው ፎርማው ውስጥ ይዘረጋል፣ ፍሪጅ ያድራል። ጠዋት ይጋገራል፤ ቸኮሌቱ ረፋድ ላይ ይቀባል። ባዶው ቅርፊት በተከደነ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ፍሪጅ አይግባ፤ ፍሪጅ እርጥብ ነው። 10 ሰዓት ላይ ክሬሙ ይሞላል። ማንጎው ተቆርጦ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ግማሽ ሰዓት ጭማቂው ይመጠጥ፤ የሚደረደረው 11 ሰዓት ላይ ነው። ቀድሞ የተጋገረ ቅርፊት ቆርቆሮው ውስጥ ሦስት ቀን ቢቆይ ችግር የለውም፤ ቸኮሌት ሳይቀባ 150 ዲግሪ ላይ ስድስት ሰባት ደቂቃ ማሞቅ ኩርሽምታውን ይመልስለታል።

ከተሰብሳቢው ስለ ጾም ታርት ተጠይቋል። በጾም ሊጥ ቅቤው በማርጋሪን፣ እንቁላሉ በውሃ ይተካል፤ ያኔ መኮማተሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም እንቁላሉ ይዞት የነበረው ስብ ቀርቶ ንጹሕ ውሃ ዱቄቱን ያገኘዋል። ለ250 ግራም ዱቄት 40 ሚሊ ሊትር በረዶ የመሰለ ውሃ ይበቃል፤ ሊጡ ሳይያያዝ ሲቀር የሚጨመረው በማንኪያ ነው። ስታርቹን ወደ 50 ግራም አሳድጉ፣ ዱቄቱን ወደ 200 ዝቅ አድርጉ። ሁለተኛው ዕረፍት አንድ ሌሊት ቢሆን ይመረጣል። አስኳል ስለማይቀባ ጋሻው ቸኮሌቱ ብቻ ነው፤ ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት ይሁንና ከ35 ግራም ወደ 45 ይጨመር።

ሌላዋ ጠያቂ ያነሳችው ስለ ትንንሾቹ፣ 8 ሳንቲ ሜትር ስለሆኑት ነበር። አሠራሩ አንድ ነው። ሊጡ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይሳሳል፣ ከነምስሩ 15 ደቂቃ፣ ያለ ምስሩ 8 ደቂቃ ይበቃዋል። ለያንዳንዱ ወረቀት መቁረጥ የሚሰለቻችሁ ከሆነ የኩባያ ኬክ ወረቀት ጨማዳችሁ ተጠቀሙ፤ ምስሩ ግን እዚያም እስከ አፉ ነው።